በአየር የሚከፈት ወይስ በአየር የሚዘጋ? የቦይለር መጋቢ ውሃ ቫልቭ አመራረጥ

ለአዲስ የመቆጣጠሪያ ቫልቭ የግዥ ዝርዝር ሲዘጋጅ የቧንቧው ስፋት፣ የሚያሳልፈው የውሃ መጠንና የተሠራበት ብረት ብዙ ውይይት ይደረግባቸዋል። አየር ሲቋረጥ ቫልቩ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው ሰነድ ተገልብጦ ያልፋል። ይህ አሠራር መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የፖዚሽነሩ አቀማመጥ፣ የመቆጣጠሪያው የድርጊት አቅጣጫና የማቋረጫው ሥርዓት ሁሉ የሚቀዱት ከዚያ አንድ መልስ ነው። ሁለቱን አማራጮች የማነጻጽረው በአንድ ሥራ ላይ ነው፦ ባጋስ በሚያነድ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ድራም ውስጥ ውሃ በሚያስገባው ቫልቭ ላይ። ይህን የመረጥሁት መልሱ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው።

ሁለቱ የሚለያዩበት

በብዛት የሚገኘው ቫልቭ አናቱ ላይ የዲያፍራም ቤት አለው። ከዲያፍራሙ በአንድ በኩል ሞላ፣ በሌላው በኩል የታመቀ አየር ይገፋል። በአየር የሚከፈተው ቫልቭ ላይ ሞላው ወደ መዝጋት ይገፋል፤ አየሩ ሞላውን አሸንፎ ይከፍታል። ስለዚህ አየር ሲጠፋ ቫልቩ ይዘጋል። በአየር የሚዘጋው ላይ ደግሞ ሞላው ከፋች፣ አየሩ ዘጊ ነው፤ አየር ሲጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በመስመር ሥዕሎችና በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ የመጀመሪያው FC፣ ሁለተኛው FO ተብሎ ይታያል።

በዋጋ፣ በትክክለኛነትና በዕድሜ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ብዙዎቹ አምራቾች አንዱን የቫልቭ አካል በሁለቱም ዓይነት ያቀርባሉ። እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው በቫልቩ ጥራት ሳይሆን ቫልቩ በተተከለበት ሥራ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው

ጥያቄው አንድ ነው፦ አየሩ አሁን ቢጠፋና ማንም ሰው ቫልቩ ጋ ለመድረስ ባይችል፣ ክፍት ሆኖ ቢቀር ይሻላል ወይስ ዝግ ሆኖ? ለብዙ መስመሮች መልሱ ወዲያው ይመጣል። ወደ ምድጃ የሚሄድ የነዳጅ ጋዝ መዘጋት አለበት። ወደ ማሞቂያ የሚገባ እንፋሎትም እንዲሁ። ሙቀት እያመነጨ የሚሄድ ኬሚካዊ ሂደትን የሚያቀዘቅዝ ውሃ መከፈት አለበት። የጋዝ መጭመቂያን ከግፊት መንገጫገጭ የሚጠብቀው የመመለሻ ቫልቭም መከፈት አለበት። በእነዚህ ላይ ረጅም ውይይት አያስፈልግም።

የቦይለር መጋቢ ውሃ ግን በሁለቱም በኩል ጉዳት አለው። ውሃው ቢቋረጥ ድራሙ ይጎድላል፤ በድራም ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ በሙሉ ጭነት ላይ የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ቱቦዎቹ ያለ ውሃ ለእሳት ይጋለጣሉ። ውሃው ከልክ በላይ ቢገባ ደግሞ ድራሙ ይሞላል፤ ውሃ ከእንፋሎቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እንፋሎት አጋዩ ቱቦና ወደ ተርባይኑ ይሄዳል፣ የተርባይኑንም ምላጮች ይጎዳል።

እዚህ ላይ ሚዛኑን የሚያነሣው ነዳጁ ነው። ጋዝ ወይም ዘይት የሚያነድ ቦይለር ሲቋረጥ የነዳጁ ቫልቭ በሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል፤ እሳቱ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ የውሃውም ቫልቭ ቢዘጋ የመትረፍ ዕድል አለ። ባጋስ ግን ጠጣር ነው። ማጉረሻው ቢቆምም ፍርግርጉ ላይ የተከመረው መንደዱን ይቀጥላል፣ የእቶኑ ግድግዳ ጡብም ያጠራቀመውን ሙቀት መልቀቁን አያቆምም። እንፋሎት እየተመረተ ውሃ ካልገባ የሚጎዱት ቱቦዎቹ ናቸው። በዚህ ምክንያት ለባጋስ ቦይለር የምመርጠው በአየር የሚዘጋውን፣ ማለትም አየር ሲጠፋ የሚከፈተውን ቫልቭ ነው። ለጋዝ ቦይለር ግን በአየር የሚከፈተውን የመረጠ መሐንዲስ ተሳስቷል አልልም።

ይህ ምርጫ ሁለት ነገሮች ከተሟሉ ብቻ ነው የሚሠራው። አንደኛ፣ ፓምፑ መሥራት አለበት። የመብራት መጥፋት አየር መጭመቂያውንም የኤሌክትሪክ ፓምፑንም በአንድ ጊዜ የሚያቆም ከሆነ ቫልቩ መከፈቱ ብቻውን ውሃ አያስገባም፤ በእንፋሎት ተርባይን የሚዞር ተጠባባቂ ፓምፕ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የተከፈተውን ውሃ የሚያቆም ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ ለምሳሌ የድራሙ ከፍታ ከገደብ ሲያልፍ የሚዘጋ በሞተር የሚሠራ ቫልቭና ተርባይኑን የሚያቆም ማቋረጫ። ብዙ ቦይለሮች አንድ የውሃ መስመር የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ አንዱ ቫልቭ ወለል ብሎ ሲከፈት የሌሎቹን ውሃ እንደሚሻማ መታሰብ አለበት። እነዚህ ካልተሟሉ አየር ሲጠፋ ይከፈታል የሚለው ምርጫ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጥበቃ ነው።

የሉፑ አቅጣጫ

ቫልቩ ከተመረጠ በኋላ መቆጣጠሪያው ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም፤ የመቆጣጠሪያውን አቅጣጫ በስክሪን ላይ በአንድ ጠቅታ መቀየር ይቻላል፣ የሞላን አቅጣጫ ግን አይቻልም።

የተገላቢጦሽ ድርጊት ያለው መቆጣጠሪያ የሚለካው መጠን ሲጨምር ሲግናሉን ይቀንሳል። ቀጥተኛ ድርጊት ያለው ደግሞ የሚለካው ሲጨምር ሲግናሉን ይጨምራል። ለድራሙ በቃል እንሂድበት። የውሃው ከፍታ ጨመረ እንበል። የሚገባው ውሃ መቀነስ አለበት፣ ቫልቩም ወደ መዝጋት መሄድ አለበት። ቫልቩ በአየር የሚከፈት ከሆነ ለመዝጋት አየር መቀነስ ያስፈልጋል፤ ሲግናሉ ይቀንስ፣ ስለዚህ መቆጣጠሪያው የተገላቢጦሽ ይሁን። ቫልቩ በአየር የሚዘጋ ከሆነ ግን ለመዝጋት አየር መጨመር አለበት፤ ሲግናሉ ይጨምር፣ መቆጣጠሪያው ቀጥተኛ ይሁን። ቫልቩ በመውጫው በኩል ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይገለበጥ ነበር፦

| የቫልቩ ቦታ | በአየር የሚከፈት | በአየር የሚዘጋ |
|---|---|---|
| በመግቢያ | የተገላቢጦሽ | ቀጥተኛ |
| በመውጫ | ቀጥተኛ | የተገላቢጦሽ |

ይህ ሠንጠረዥ የሚሠራው በመቆጣጠሪያውና በቫልቩ መካከል ሌላ ምንም ነገር ሲግናሉን የማይገለብጥ ከሆነ ነው። በተግባር ግን የሚገለብጥ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኛ 0 ዝግ፣ 100 ክፍት ሆኖ ማየት ይፈልጋል። በአየር የሚዘጋ ቫልቭ ላይ ሲግናሉ እንዳለ ቢታይ 100 ማለት ዝግ ይሆናል፤ ሌሊት በድንገተኛ ሁኔታ በእጅ የሚያንቀሳቅስ ሰው ውሃ ልጨምር ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መገልበጥ ተገቢ ነው። የምርጫው ከባድ ክፍል የት ይገልበጥ የሚለው ነው።

ፖዚሽነሩ ላይ ወይስ መውጫው ላይ?

ፖዚሽነር የቫልቩን ዘንግ አቀማመጥ እየለካ ከታዘዘው ጋር የሚያስተያይ፣ ልዩነቱ እስኪጠፋም አየር የሚጨምር ወይም የሚለቅ መሣሪያ ነው። በሉፑ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ትንሽ ሉፕ ነው ማለት ይቻላል። የመጋቢ ውሃ ቫልቭ በከፍተኛ የግፊት ልዩነት ስለሚሠራና ዘንጉን ያቀፈው ማሸጊያ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ፖዚሽነር የግድ ያስፈልገዋል።

ሲግናሉን ለመገልበጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፖዚሽነሩን ተገላቢጦሽ ማድረግ ነው፦ በ4 ሚሊ አምፔር ሙሉ አየር ይስጥ፣ በ20 አየሩን ይልቀቅ። ሌላው ፖዚሽነሩን ቀጥተኛ አድርጎ ትቶ ኮምፒውተሩ ላይ በመጨረሻው የመውጫ ብሎክ መገልበጥ ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። ሠራተኛው 30 ሲጽፍ ቫልቩ 30 በመቶ ይከፈታል፤ መቆጣጠሪያውም በሁለቱም መንገድ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይቀመጣል። ልዩነቱ የሚገለጠው ሽቦ የተቆረጠ ቀን ነው።

መጀመሪያ የፖዚሽነሩን መገልበጥ እንይ። አየር ሲጠፋ ሞላው ቫልቩን ይከፍታል፤ በሥዕሉ ላይ FO የተጻፈውም ለዚህ ነው። አሁን አየሩ አለ፣ የተቆረጠው የሲግናል ሽቦው ነው እንበል። ሲግናሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የተገለበጠው ፖዚሽነር ዝቅተኛ ሲግናልን የሚተረጉመው ሙሉ አየር ስጥ ብሎ ነው። ሙሉ አየር በአየር የሚዘጋ ቫልቭ ላይ ሲገባ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። አየር ቢጠፋ የሚከፈተው ቫልቭ ሽቦ ቢቆረጥ ይዘጋል ማለት ነው። የቦይለር ፊት ሙቀትና ንዝረት የበዛበት ቦታ ስለሆነ፣ በእኔ እይታ የሽቦና የማገናኛ ብልሽት ከአየር መጥፋት ያነሰ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ድራሙን ለማዳን የተመረጠው ቫልቭ በዚያች ደቂቃ ድራሙን የሚያደርቀው ይሆናል።

አሁን ሁለተኛውን መንገድ እንይ። ፖዚሽነሩ ቀጥተኛ ነው፤ መገልበጡ የሚከናወነው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፦

```
mA = 4 + 16 * (100 - x) / 100
```

x ሠራተኛው የሚያየው የመከፈት መቶኛ ነው። 30 በመቶ ሲታዘዝ 15.2 ሚሊ አምፔር ይወጣል፤ 0 ሲታዘዝ 20፣ 100 ሲታዘዝ 4። ሽቦው ሲቆረጥ ሲግናሉ ዜሮ ይሆናል፣ ቀጥተኛው ፖዚሽነር አየሩን ይለቃል፣ ሞላው ቫልቩን ይከፍታል። አየር ሲጠፋም ይከፈታል። ሁለቱ ብልሽቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዳሉ። ለዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ፖዚሽነርን በሜካኒካዊ መንገድ ተገላቢጦሽ ማድረግ ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ብቻ ከሆነ መደረግ የለበትም።

በአሁኑ ጊዜ የሚገዙት ዲጂታል ፖዚሽነሮች ነገሩን ትንሽ ያወሳስባሉ። በሁለት ሽቦ የሚሠሩት ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከሲግናሉ ነው። ሽቦው ሲቆረጥ ኤሌክትሮኒክሱ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሜኑ ውስጥ የተደረገው መገልበጥ በዚያን ጊዜ ዋጋ የለውም። የሚወስነው በውስጡ ያለው የአየር ማጉያ ዓይነት ነው፤ ቀጥተኛው ኃይል ሲያጣ አየሩን ይለቃል፣ ተገላቢጦሹ ደግሞ ሙሉውን አየር ወደ ዲያፍራሙ ይልካል። ስለዚህ የዲጂታል ፖዚሽነር ግዥ ሲፈጸም የማጉያው ዓይነት በትዕዛዙ ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

የኮምፒውተሩ የመውጫ ካርድም የራሱ ቅንብር አለው። ከዋናው መቆጣጠሪያ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ አንዳንዱ ካርድ የመጨረሻውን ሲግናል ይዞ ይቆያል፣ አንዳንዱ ወደ ተወሰነ መጠን ይሄዳል። ይህ መጠን በመቶኛ ሳይሆን በሚሊ አምፔር መረጋገጥ አለበት። ምክንያቱም 0 ተብሎ የተሞላው ቁጥር ከመገልበጡ በፊት ያለው ከሆነ ወደ መስክ የሚወጣው 20 ነው፣ ቫልቩም ይዘጋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። መገልበጥ በሁለት ቦታ ሲደረግ ይሰረዛል። ኮምፒውተሩ ላይ ተገልብጦ ሳለ አንድ ቴክኒሻን ፖዚሽነሩንም ከገለበጠው ሉፑ ራሱን የሚያባብስ ይሆናል፤ ውሃው ሲጎድል ቫልቩ ይዘጋል። ይህን በእጅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቶሎ ያየዋል፤ ምክንያቱም 30 ሲያዝ ቫልቩ 70 ላይ ይቆማል። የመቆጣጠሪያው አቅጣጫ ብቻ የተሳሳተ ከሆነ ግን በእጅ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፤ ችግሩ የሚታየው ወደ አውቶማቲክ ሲዞር ነው። ሲግናሉ ሳይመላለስ በአንድ አቅጣጫ እስከ ገደቡ ይሮጣል። ይህ ከመጥፎ ማስተካከያ ይለያል፤ የማስተካከያ ችግር ብዙውን ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል እንጂ አንድ ጫፍ ላይ አይሰካም።

ባለበት መቆየትስ?

ሦስተኛ ምርጫ አለ፦ አየር ሲቀንስ በዲያፍራሙ ውስጥ ያለውን አየር የሚቆልፍ ቫልቭ ተጨምሮ ቫልቩ ባለበት እንዲቆም ማድረግ። ለመጋቢ ውሃ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፣ ማራኪም ነው፤ ድራሙ ወዲያው አይደርቅም፣ ወዲያውም አይሞላም። ሆኖም የተቆለፈው አየር በማገናኛዎችና በዲያፍራሙ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቫልቩም ቀስ በቀስ ወደ ሞላው አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ባለበት መቆየት ጊዜ ይገዛል እንጂ የሞላውን አቅጣጫ ከመምረጥ አያድንም። በአየር የሚዘጋ ቫልቭ ላይ መቆለፊያ መጨመር ለባጋስ ቦይለር ጥሩ ጥምረት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ባለበት ይቆያል፣ ከዚያም ወደ ክፍት ያዘነብላል። መቆለፊያው የሚሠራው የአየር አቅርቦቱ ሲወድቅ መሆኑን ግን አንርሳ፤ ሽቦ ሲቆረጥ አየሩ ስላለ አይቆልፍም።

ሞላው በእርግጥ ያንቀሳቅሰዋል?

አየር ሲጠፋ ይከፈታል የሚለው ቃል የሞላው ጉልበት ከውሃው ግፊት፣ ከማሸጊያው ሰበቃና ከቫልቩ ክብደት በላይ ነው የሚል ግምት አለበት። ውሃው ከመክደኛው በታች እየገባ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግፊቱ ለመክፈት ይረዳል፤ ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ከሆነ ሞላውን ይቃወማል። ቫልቩ በባዶ ቧንቧ ሲሞከር ፈጥኖ ተከፍቶ፣ ፓምፑ ሲነሣና ግፊት ሲመጣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቫልቩን ለጥገና አውጥቶ በተቃራኒ የፍሰት አቅጣጫ መልሶ የገጠመ ሰው የብልሽት አቅጣጫውን አዳክሞታል፤ በቫልቩ አካል ላይ ያለው ቀስት የተሠራው ለዚህ ነው።

የአየር መውጫ ቀዳዳውም መታየት አለበት። የባጋስ ብናኝ በሞላበት ቦታ የፖዚሽነሩ መተንፈሻ ሊደፈን ይችላል፤ አየሩ ካልወጣ ሞላው ምንም ቢገፋ አይንቀሳቀስም።

በመስክ ላይ የሚደረገው ፍተሻ

ሦስት ፍተሻ አለ፣ ሦስቱም ለየብቻ መደረግ አለባቸው። ፖዚሽነሩ በሥራ ላይ ሆኖ፣ ቫልቩም ግማሽ ተከፍቶ ሳለ የአየር አቅርቦቱን በመዝጋት ያለውን አየር መልቀቅ፤ ቫልቩ የት ሄደ? አየሩን መልሶ ቫልቩን ግማሽ ላይ ካደረጉ በኋላ የሲግናሉን አንድ ሽቦ መንቀል፤ አሁንስ የት ሄደ? ሁለቱ መልሶች አንድ ካልሆኑ ቦይለሩ መነሣት የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ከላይ ያየነው ወጥመድ የሚደበቀውም በዚህ ነው።

ሦስተኛው የሉፑ አቅጣጫ ፍተሻ ሲሆን የሚደረገው ቦይለሩ በዝቅተኛ ጭነት ላይ ሳለ ነው። ሉፑን በአውቶማቲክ አድርጎ የሚፈለገውን ከፍታ በትንሹ ከፍ ማድረግና ቫልቩ ወደ መክፈት መሄዱን ማየት። እዚህ ላይ መመልከት ያለበት የቫልቩ እንቅስቃሴ ነው፣ የድራሙ ከፍታ አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ወደ ድራሙ ሲገባ በፈላው ውሃ ውስጥ ያሉትን የእንፋሎት አረፋዎች ስለሚያኮማትር ከፍታው መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከዚያ ነው የሚነሣው። ይህን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከፍታው ሲወርድ አይቶ አቅጣጫው ተሳስቷል ይላል፣ ትክክለኛውንም ቅንብር ይገለብጠዋል።

የፍተሻው ውጤት በሉፑ ሰነድ ላይ የሚጻፈው በሁለት የተለያየ መስመር ቢሆን ይመረጣል፦ አየር ሲጠፋ፣ ሲግናል ሲጠፋ። ፖዚሽነር በተቀየረ ቁጥር ሁለተኛው መስመር እንደገና በፍተሻ ይሞላ፤ አዲሱ ፖዚሽነር ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአየር ማጉያ ከቀድሞው ጋር አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።